ትሕትና በግስ ጫፍ ላይ

አንድ ደብዳቤ እንውሰድ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አይቶታል። ከላይ በቀኝ በኩል ቁጥርና ቀን አለ። ዝቅ ብሎ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። መሐል ላይ «ጉዳዩ፦ የሥራ ልምድ ማስረጃ ስለመስጠት» ተብሎ ከሥሩ ተሰምሯል። ከዚያ ዋናው ቃል ይቀጥላል፦

«ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ወ/ሮ እገሊት ከመስከረም 1 ቀን 2006 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ድረስ በመሥሪያ ቤታችን በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥረው፣ ተገቢው የሥራ ግብር ከደመወዛቸው ላይ እየተቀነሰ፣ በመልካም ሥነ ምግባር ሲያገለግሉ የቆዩ መሆኑን እየገለጽን፣ በሚሄዱበት ሁሉ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው በትሕትና እንጠይቃለን።»

ከታች «ከሰላምታ ጋር»፣ ፊርማ፣ ክብ ማኅተም፣ በግራ በኩል ደግሞ ግልባጭ የሚደርሳቸው ክፍሎች ዝርዝር አለ።

ለአማርኛ ጆሮ ይህ ደብዳቤ አይጎረብጥም። ሞቅ ያለ አይደለም፤ ግን ጨዋ ነው፣ የሚጎድለውም ነገር የለም። ይህንኑ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ሰው ግን የሚያገኘው ጽሑፍ እንደ ደረቀ ቆዳ የማይታጠፍ ነው። ብዙዎች ጥፋቱን በአማርኛው ላይ ይጥላሉ፤ «የቢሮ አማርኛ ድሮም ድርቅ ያለ ነው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ድርቀቱ የሚፈጠረው በመንገድ ላይ ነው። በአማርኛው ውስጥ ሥራ የነበረው ነገር እንግሊዝኛው ጋ ሲደርስ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ሥራ ያልነበረው ደግሞ ያልታሰበ ሥራ ይሠራል።

የሁለተኛውን ዓይነት መጀመሪያ ላይ ያለው ሐረግ በደንብ ያሳየናል። «ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለውን ጸሐፊው የሚጠቀምበት ለጨዋነት ነው። «ገለጽኩ» ብሎ ደረቱን ከመንፋት «ለመግለጽ ተሞከረ» ማለት ራስን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ማን እንደሞከረም አይነገርም። በእንግሊዝኛ ግን አንድ ሰው አንድ ነገር ለማድረግ «ሞከረ» ከተባለና ተከታዩ ካልተነገረ፣ ሰሚው በአብዛኛው የሚረዳው እንዳልተሳካለት ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛው አንባቢ ገና ከመነሻው «ከላይ ለማስረዳት ተሞክሮ አልሆነም» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ቀና ብሎ ርዕሱን ደግሞ ያያል፤ ያልተሳካው ምን እንደሆነ ግን አያገኝም። በትሕትና የገባች አንዲት ሐረግ ደብዳቤውን ገና ሳይጀመር አጠራጣሪ አደረገችው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እርሱም የግሱ ቦታ ነው። የሰዋስው መምህሮቻችን የዓረፍተ ነገሩን የመጨረሻ ግስ «ማሰሪያ አንቀጽ» ይሉታል። ስሙ ትክክል ነው። አማርኛ መቼን፣ የትን፣ እንዴትንና በምንን እየለቀመ ይመጣና መጨረሻ ላይ ያስረዋል። በደብዳቤያችን «ተቀጥረው» ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ብቻውን አይቆምም፣ የሚያስረውን ይጠብቃል። «እየተቀነሰ»፣ «ሲያገለግሉ»፣ «የቆዩ»፣ «እየገለጽን» ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው የሚጠብቁ ናቸው። ሁሉንም የሚያስረው አንዱ «እንጠይቃለን» ነው። አማርኛ አንባቢ በዚህ አይጨነቅም። ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው ተረት ሁሉ «ሄዶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ፣ ነገራቸው» እያለ የሚሄድ ስለሆነ ሸክሙን እስከ መጨረሻው መያዝ ለምዷል።

እንግሊዝኛ ግስን የሚያስቀምጠው ከባለቤቱ ቀጥሎ ነው። አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ቶሎ ያውቃል፤ ቀኑንና ቦታውን በኋላ ይቀበላል። ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው ግሱን ወደ ፊት ማምጣቱ ግድ ነው፤ ያለዚያ እንግሊዝኛ አይሆንም። የሚሳሳተው ዓረፍተ ነገሩን አንድ አድርጎ ለማቆየት ሲል ነው። በአማርኛ በአንድ ቋጠሮ የተያዙት አምስት ስድስት ነገሮች በእንግሊዝኛ በነጠላ ሰረዝና በ«ኤንድ» ብቻ ተቀጣጥለው ይደረደራሉ። ቋጠሮው የለም፤ ዕቃው ብቻ ተበትኗል። አንባቢው የወ/ሮ እገሊትን ሥራ፣ የግብሩን ነገርና የትብብሩን ልመና በእኩል ድምፅ ይሰማና የትኛው ዋና እንደሆነ አይገባውም።

ከግሱ ቦታ ይልቅ የሚጎዳን ግን በግሱ ጫፍ ላይ ያለው ነገር ነው። «እንዲደረግላቸው» የሚለውን አንድ ቃል እንፍታው። «ይደረግ» ተደራጊ ግስ ነው፤ አድራጊው አልተጠራም። «እንዲ-» ምኞትንና ልመናን ያመጣል። «-ላቸው» ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይናገራል። አንደኛ፣ ነገሩ የሚደረገው ለእሳቸው ጥቅም ነው። አማርኛ ይህን በአንዲት ፊደል ይለያል፤ «ተደረገለት» ሲባል በጎ ነገር ነው፣ «ተደረገበት» ሲባል ክፉ ነው። ሁለተኛ፣ የሚደረግላቸው ሰው የሚከበሩ ናቸው፤ «እንዲደረግላት» አላለም። ይህ ሁሉ አክብሮትና መልካም ፈቃድ የተጻፈው በተለየ ቃል አይደለም። ግሱ ውስጥ አለ። ለማንበብ ምንም ድካም አይጠይቅም፤ ቢቀር ግን ወዲያው ይታወቃል። አንዲት አዛውንትን በደብዳቤ «ተቀጥራ ስታገለግል ቆይታለች» ብሎ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት እንደ ሰደበ ይቆጠራል።

እንግሊዝኛ ለዚህ ቦታ የለውም። «ሺ» የምትለው ቃል ለአምስት ዓመት ልጅም ለሰማንያ ዓመት እናትም አንድ ናት፤ «ዩ» ለአለቃም ለጓደኛም አንድ ነው። አንቱታው ወዴት ይሂድ? ጠንቃቃ የሆነው ተርጓሚ የጎደለው ስለሚሰማው ሊተካው ይሞክራል። «የተከበሩ»፣ «እባክዎን»፣ «በትሕትና» የሚሉትን በተለየ ቃል ይጨምራል፤ ከአማርኛው ያገኘውን «በትሕትና» ደግሞ «ሀምብሊ» ብሎ ያስቀምጣል። እዚህ ላይ ነው ጽሑፉ የሚደርቀው። በአማርኛ አክብሮቱ እንደ ጨው በወጡ ውስጥ ሟሟ። በእንግሊዝኛው ግን አንኳር ጨው ሆኖ በጥርስ ይገኛል። «ሀምብሊ» በዛሬ እንግሊዝኛ መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት የሚለው ቃል አይደለም፤ ዝቅ ያለ ሰው ከፍ ካለ ሰው ፊት ሲለምን የሚሰማ ነው። በመዝገብ ቁጥር የወጣ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እንዲህ ሲለምን አንባቢው ግራ ይጋባል።

እንግሊዝኛ ትሕትና የለውም ማለት አይደለም፤ የሚያስቀምጠው ሌላ ቦታ ነው። ጨዋ ልመናውን በጥያቄና ባለፈ ጊዜ ግስ ይሠራዋል። «ካን ዩ» ከማለት «ኩድ ዩ» ማለት ይለሰልሳል፤ «ኩድ» ደግሞ የ«ካን» ኃላፊ ጊዜ ነው። ልመናውን ከአሁኑ ሰዓት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በመሳብ ለሰሚው «አይሆንም» የሚልበት ቦታ ይሰጠዋል። አማርኛም ለዚያው ዓላማ አድራጊውን ይሰውራል። «ተባበሩ» አላለም፤ «ትብብር ይደረግ» አለ። ማንንም አላዘዘም። በእንግሊዝኛ ግን ያው ተደራጊ ግስ ሲመጣ ጨዋነት ሆኖ አይሰማም። ሰዎች እንግሊዝኛ ጽሕፈት ሲማሩ አድራጊው ያልታወቀ ግስ ከኃላፊነት መሸሽ ነው ተብለው ይመከራሉ። አማርኛ ፊት ለፊት ላለማፍጠጥ የተጠቀመበት መሣሪያ እዚያ ፊትን እንደ ማዞር ሆነ።

ይህ በአማርኛ ብቻ የሚደርስ እንዳልሆነ ለማየት መንገዱን መገልበጥ ይበቃል። አንድ እንግሊዛዊ ለማያውቀው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሲጽፍ «ዲር ሰር» ብሎ ይጀምራል፣ «ዩርስ ፌይዝፉሊ» ብሎ ይጨርሳል፤ በመካከሉም መልስ እንደሚጠብቅ ይናገራል። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ስናመጣው «ውድ ጌታዬ» ብሎ ይጀምርና፣ «ከእርስዎ መስማትን ወደ ፊት እመለከታለሁ» ብሎ፣ «በታማኝነት የእርስዎ» ብሎ ይፈርማል። የአዲስ አበባ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህን ቢያይ የፍቅር ደብዳቤ በስህተት የደረሰ ይመስለዋል። እንግሊዛዊው ግን ማንንም አልወደደም፣ ለማንም ታማኝነት አልማለም። ቃላቱ ትርጉማቸውን ከጣሉ ቆይተዋል፤ የቀራቸው ሥራ ብቻ ነው። «ከሰላምታ ጋር»ም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ሰላምታ ሲገናኙም ሲለያዩም ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ ሰላምታ የሚባለው ቃል የመገናኛ ነው። ስለዚህ ቃሉን የያዘ ተርጓሚ ሲሰናበት «እንደምን አደሩ» የሚል ይመስላል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ቋንቋው ነበር። ከቋንቋው ይልቅ ዘግይቶ የገባኝ ሌላ ምክንያት አለ።

ይህን የመሰለ ደብዳቤ መጀመሪያ የተረጎምኩት ለጎረቤታችን ነበር። እትዬ እያልኩ ያደግሁባቸው ሴት ናቸው። ወደ ውጭ አገር ለሚላክ ማመልከቻ የሥራ ልምዳቸውን ይዘው መጡና «ልጄ፣ አደራህን፣ አንዲት ቃል እንዳታጎድል» አሉኝ። አላጎደልኩም። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ከዚያኛው ወገን ጥያቄ መጣ። ጥያቄው አጭር ነበር፦ መሥሪያ ቤቱ የሚጠይቀው ትብብር የትኛው ነው? እትዬ ደብዳቤውን አገላብጠው አዩትና «ምን ማለታቸው ነው? እኔው እሄድና እነግራቸው የለ!» አሉ።

መልሱ እዚያው ነበር። የእኛ ደብዳቤ ብቻውን አይሄድም። «አስፈላጊው ትብብር» ክፍት ሆኖ የሚተወው አስፈላጊው ምን እንደሆነ ባለጉዳዩ በቃሉ ስለሚናገር ነው። ሰውየው ደብዳቤውን በእጁ ይዞ ይሄዳል፤ መዝገብ ቤት ገቢ ይደረጋል፤ ኃላፊው ጠርዙ ላይ ጽፎ ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል፤ ባለጉዳዩም እየተከታተለ ከክፍል ክፍል ይዞት ይዞራል። የደብዳቤው ሥራ ይህ ሰው ከየት እንደመጣና የላከው ማን እንደሆነ ማስመስከር ነው፤ ዝርዝሩ የሰውየው ፋንታ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ዝርዝር ውስጥ ቢገባ ይጎዳው ነበር፤ በሁለተኛው ቢሮ የሚያስፈልገው ትብብር በመጀመሪያው ከሚያስፈልገው ይለያልና።

«እኔ» የሚል ቃል የማይገኝበትም ለዚሁ ነው። የሚናገረው ወንበሩ እንጂ በወንበሩ ላይ ያለው ሰው አይደለም። የሚያደምጠውም ወንበር ነው። «መሆኑን እየገለጽን» የሚለው ቃል በቃል ሲተረጎም ከንቱ ይመስላል፤ እየተናገርክ «እናገራለሁ» ማለት ምንድን ነው? በአማርኛው ግን ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ ኃላፊነት የተነገረ መሆኑን የሚያስረግጥ ነው። ማኅተሙ በወረቀቱ ላይ የሚሠራውን እሱ በዓረፍተ ነገሩ ላይ ይሠራል።

የእንግሊዝኛው ደብዳቤ ግን ብቻውን በፖስታ ወይም በኢሜይል ይደርሳል፤ ጎኑ ቆሞ የሚያስረዳ የለም። ስለዚህ ምን እንደሚፈለግ፣ እስከ መቼ፣ ለማን እንደሚመለስ ራሱ መናገር አለበት። ካልተናገረ ያልተሟላ ነው። የእትዬ ደብዳቤ በትርጉሜ ውስጥ እሳቸውን አጥታ ነበር የሄደችው።

እንግዲህ ያንኑ ደብዳቤ ዛሬ ብተረጉም እንዴት አደርገዋለሁ? «ለሚመለከተው ሁሉ» እድለኛ ነው፤ እንግሊዝኛም ለዚያው ቦታ «ቱ ሁም ኢት ሜይ ኮንሰርን» የሚል የተዘጋጀ ሐረግ አለውና እንዳለ ይገባል። «ለመግለጽ እንደተሞከረው» በሚለው ቦታ ርዕሱን በአጭሩ የሚያስታውሰውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ልማድ እተካለሁ፤ መሞከር የሚለው ቃል ይወጣል። ከዚያ ቋጠሮውን እፈታና ሦስት ዓረፍተ ነገር አደርገዋለሁ። የመጀመሪያው ወ/ሮ እገሊት እዚህ የሒሳብ ሠራተኛ እንደነበሩ ተናግሮ ቀኑን ያስከትላል፤ «እናረጋግጣለን» የሚለው ግስ መጀመሪያው ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው ግብሩንና ሥነ ምግባሩን ይይዛል። እዚህ ጥንቃቄ ያሻል፤ «መልካም ጠባይ» ለማለት ቀድሞ የሚመጣው የእንግሊዝኛ ቃል እስረኛ በአመክሮ ሲፈታ የሚነገረውን ስለሚያስታውስ፣ ለሠራተኛ «ኮንደክት» የሚለው ይሻላል። ሦስተኛው ልመናው ነው። እንግሊዝኛ «ሊያደርጉላቸው ለሚችሉት ማንኛውም እርዳታ ምስጋናችንን እናቀርባለን» የሚል ጨዋ አባባል አለው። ክፍትነቱ አለ፣ ለእሳቸው ጥቅም መሆኑም አለ፣ ማንም አልታዘዘም። «በትሕትና» የሚለው ቃል የለም፤ ትሕትናው ግን አለ። አንቱታውን በስማቸው ፊት ያለው ማዕረግ ይሸከማል፤ ያም በደብዳቤው ሁሉ ሳይቋረጥ መደጋገም አለበት።

«ይህማ ማጉደል ነው» የሚሉኝ አሉ፤ በተለይ ለኤምባሲና ለኢሚግሬሽን የሚተረጉሙ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ቢሆንም ደንቡ እንደዚያ አይልም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ደንብ ከባዕድ ቋንቋ ለተተረጎመ ሰነድ የሚጠይቀው፣ ተርጓሚው ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ ራሱም ከዚያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቁ መሆኑን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ነው። የተሟላ ማለት ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ግልባጩ፣ የፈራሚው ማዕረግ ሳይቀር መግባት አለበት ማለት ነው፤ ማኅተም ካለ «ክብ ማኅተም» ተብሎ፣ የሚነበበው ተነቦ መጻፍ አለበት። የግብሩ ነገርም ለውጭ አንባቢ ተራ ቢመስልም ሥራው በሕጋዊ ደመወዝ የተሠራ መሆኑን የሚመሰክር ስለሆነ መውጣት የለበትም። ቃሉን ማለስለስ ይቻላል፤ መረጃውን መንካት አይቻልም። ለፍርድ ቤት ክርክር የሚቀርብ ሰነድ ደግሞ ክርክሩ በአንድ ሐረግ ላይ ከሆነ ያ ሐረግ ከነድርቀቱ ይተርጎም፤ እዚያ አንባቢው የሚፈልገው ምቾት አይደለም።

ቃል በቃልነት ታማኝነት እንዳልሆነ የሚያሳየው ከሁሉ የከፋው ምሳሌ ቀኑ ነው። ቁጥሩን እንዳለ የገለበጠ ሰው አንድም ቃል አላጎደለም፤ የሰጠው መረጃ ግን ሐሰት ነው። መስከረም 1 ቀን 2006 ዓ.ም. በውጭው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2013 ነው፤ ሰባት ዓመት ይጨመራል። ሰኔ 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጁላይ 7 ቀን 2021 ነው፤ ስምንት ዓመት ይጨመራል፤ በመካከሉ የፈረንጆቹ ዓመት ተለውጧልና። ስለዚህ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር የጨመረ ሰው እንኳ ይሳሳታል። የመጀመሪያውን ቀን ለውጦ የመጨረሻውን ሳይለውጥ የተወው ደግሞ ወ/ሮ እገሊትን ሥራ ከመጀመራቸው ሁለት ወር ቀድመው እንዲለቁ ያደርጋቸዋል፤ ትርጉሙን የሚያየው ሰው 2013ን የሚያነበው በራሱ አቆጣጠር ነውና።

ደብዳቤ አስተርጉማችሁ ስትረከቡ፣ እንግሊዝኛው ባይገባችሁም እንኳ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ቀኑን አስነብባችሁ በጣታችሁ ቁጠሩ። ከዚያ «የምንለምነው ምንድን ነው ይላል?» ብላችሁ ተርጓሚውን ጠይቁት። በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ካልቻለ ወረቀቱን መልሱለት።